ታንኳዋ ጠጣች

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ «ጋሼ፣ የፊልሜ ርዕስ አሥራ አንድ ቃል ነው፤ አንዱንም መቀነስ አልቻልኩም» ብላ ጻፈችልኝ። ምጣድ ስለሚሠሩ እናት የቀረጸችውን አጭር ዘጋቢ ፊልምም ልካልኛለች። መልሱን አንድ አንቀጽ ጽፌ ልገላገል ነበር፤ ግን ጥያቄዋ የቆየ ጸጸቴን ስለቀሰቀሰው ለእናንተም ልንገራችሁ።

በ2004 ዓ.ም. ባሕር ዳር ሄጄ የደንገል ታንኳ በሚሠሩ አንድ አዛውንት ላይ የ17 ደቂቃ ፊልም ሠራሁ። ርዕሱን «በጣና ሐይቅ የደንገል ታንኳ የመጨረሻዎቹ ባለሙያዎች ሕይወት» አልኩት። ሁሉም ነገር ይግባበት ብዬ ነው፤ ቦታው፣ ዕቃው፣ ሰዎቹ። እንግሊዝኛውን ደግሞ ቃል በቃል አዞርኩት።

አንድ የአውሮፓ ፌስቲቫል ተቀበለኝ። ፕሮግራሙን ድረ ገጹ ላይ ከፍቼ ስሜን ስፈልግ ያገኘሁት ይህን ነበር፦ `The Life of the Last Craftsmen...`። ጣናም ደንገልም ታንኳም ከሦስቱ ነጥቦች ወዲያ ቀርተዋል። አጭር ፊልም ብቻውን አይታይም፤ ከአምስት ስድስት ፊልሞች ጋር በአንድ መርሐ ግብር ይታጨቃል፣ ተመልካቹም የሚመርጠው ከዚያች አንዲት መስመር ነው። የእኔ መስመር የጫማ ሰፊም የሰዓት ጠጋኝም ልትሆን ትችል ነበር። ከፊልሙ በኋላ አንዲት ሴት ቀርባ «ባለቤቴ የእንጨት ጀልባ ይሠራል፤ ስለ ጀልባ መሆኑን ባውቅ ይዤው እመጣ ነበር» አለችኝ።

ፖስተሩም ያው ነው። ርዕሱ ሦስት መስመር ይዞ የአዛውንቱን እጆች ሸፈናቸው። ልጅ ሳለሁ የሲኒማ ሰሌዳ በብሩሽ የሚጽፍ ጎረቤት ነበረን፤ ዋጋ ከመናገሩ በፊት «ስንት ፊደል ነው?» ይል ነበር። ቆጥሮ፣ በከሰል መስመር አስምሮ፣ መንገዱን ተሻግሮ ያየዋል። እናንተ ዛሬ ኮምፒውተር ላይ አጉልታችሁ ስለምታዩት ሁሉም ርዕስ የሚነበብ ይመስላችኋል። ፖስተሩን የቴምብር ያህል አሳንሱት፤ በስልክ ዝርዝር ውስጥ የሚታየው እንደዚያ ሆኖ ነው።

የሚቆጨኝ ግን ርዕሱ እጄ ላይ የነበረ መሆኑ ነው። ደንገል ውሃ ይመጥጣል፤ ታንኳዋ ስትሰነብት ትከብዳለች፣ ከሐይቁ ወጥታ ፀሐይ ላይ ካልደረቀች አትንሳፈፍም። አዛውንቱ ጠዋት ወደ ዳር ሲጎትቷት፣ ከጎኗ ውሃው እየተንጠባጠበ፣ ወደ እኔ ዞረው «ጠጣች» አሉ። ቀርጬዋለሁ። ሰምቼዋለሁ። ርዕስ መሆኑን ግን አላወቅኩም።

ከዓመታት በኋላ ቁጭ ብዬ ሞከርኩት። መጀመሪያ «ደንገል» አልኩ፤ አራት ፊደል፣ ለፖስተር የተፈጠረ። በላቲን ሲጻፍ ግን `Dengel` ይሆናል፣ «ድንግል»ም ብዙ ጊዜ የሚጻፈው እንደዚያው ነው። «ታንኳ» ብዬ `Tankwa` ብጽፍ ፈላጊው የሚደርሰው ደቡብ አፍሪካ፣ ታንኳ ካሩ የሚባለው ደረቅ ምድር ላይ ነው። `Drinking Water` ብለው ደግሞ የቧንቧ ውሃ ፕሮጀክት ሪፖርት ይመስላል። በመጨረሻ «ታንኳዋ ጠጣች»፣ በእንግሊዝኛ `The Boat Drinks` ላይ ቆምኩ። በአማርኛ ሰባት ፊደል ነው፣ እንግሊዝኛውም የትኛውም ዝርዝር ውስጥ ሳይቆረጥ ይገባል። ጀልባ መሆኑ ይታወቃል፤ ጀልባ እንዴት ይጠጣል የሚለው ጥያቄም ሰውን ወደ አዳራሹ ይጎትታል።

ግን ረፍዶ ነበር። የማመልከቻ ቅጹ የአማርኛውንና የእንግሊዝኛውን ርዕስ ለየብቻ ይጠይቃል፤ እዚያ የሞላችሁት ነው ወደ ካታሎጉም ወደ ምስክር ወረቀቱም የሚገለበጠው። በኋላ ብትቀይሩት ፊልማችሁ ሁለት ስም ያለው ሰው ይሆናል፤ በአንዱ የተመረጠው በሌላው ሲፈለግ አይገኝም። ስለዚህ ርዕሱ የሚቆረጠው ከመጀመሪያው ማመልከቻ በፊት ነው።

ብዙዎቻችሁ እንግሊዝኛውን አስቀድማችሁ አማርኛውን ከእሱ ትተረጉማላችሁ። ይህን አልወደውም፤ አማርኛው የተውሶ ልብስ ይመስላል። ኃይሌ ገሪማ በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጡት ፊልም «ጤዛ»ን `Teza` ብለው እንዳለ ነው ያወጡት። እርግጥ እኔ ራሴ ለታንኳዋ ትርጉም መርጫለሁ፤ ቃሉ በላቲን ሌላ ነገር ካልሆነ ግን እንዳለ መተውን አሁንም እመርጣለሁ።

ልጄ፣ ፊልምሽን ሁለቴ አየሁት። 6ኛው ደቂቃ ላይ ምጣዱን ልታነሺ እጅሽን ስትሰጂ እናቲቱ «ተይው፣ ገና አልተሟሸም» ይሉሻል። «ገና አልተሟሸም» ሁለት ቃል ነው። ለማሟሸት እንግሊዝኛ ማግኘት ይከብዳል፤ ቅዳሜ ነይና አብረን እንፈልገው፣ ቅጹን እስከዚያ አትላኪ።