ስለ ካርቦን 14 ስሌት ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ካርቦን 14 በሕይወት የነበረ ነገር ከሞተ በኋላ በውስጡ ቀስ በቀስ የሚፈርስ የካርቦን ዓይነት ነው፤ የቀረው ሲለካ ዕድሜው ይሰላል። ሥራዬ ናሙና አጽድቶ ለመለኪያ ማዘጋጀት ነው። ከሰል፣ አጥንት፣ ብራና፣ ጨርቅ በእጄ አልፏል። ስሌቱ ላይ ግራ የገባችሁን ወርውሩት።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፦ ግማሽ ዕድሜው 5730 ዓመት ከሆነ በ11460 ዓመት ሙሉ በሙሉ አያልቅም እንዴ? ጓደኞቼ ግን 25 በመቶ ይቀራል ይላሉ።

ጓደኞችሽ ልክ ናቸው። የሚፈርሰው ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት ካለው ላይ ግማሹ ነው። 100 የነበረው 50 ይሆናል፣ 50ው 25፣ 25ቱ 12.5 እያለ ይቀጥላል። የቀረው እንዲህ ድፍን ያለ ቁጥር ካልሆነ ይህን ተጠቀሚ፦

t = 8267 × ln(1/F)

F የቀረው ድርሻ ነው። 8267 የመጣው 5730 ለ0.693 ተካፍሎ ነው። በ0.25 ሞክሪው፤ 11460 ይሰጥሻል።

ፈተና ላይ ተማሪን የሚጥለው ግን ሎጉ አይደለም። ጥያቄው «35 በመቶው ፈርሷል» ይላል፣ ተማሪው 0.35 ያስገባና 8679 ዓመት ያወጣል። የቀረው 65 በመቶ ስለሆነ ትክክለኛው መልስ 3561 ዓመት ገደማ ነው። ካልኩሌተር ሳትነኪም ስህተቱ ይታያል። ከግማሽ በላይ ከቀረ ዕድሜው ከ5730 ሊበልጥ አይችልም። እኔ እስካሁን መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው።

የኬሚስትሪ መምህር፦ ላብራቶሪዎች የሚሠሩት በ5568 ነው። ስለዚህ 5730 የሚሉት መጻሕፍት ተሳስተዋል ማለት ነው።

መምህር፣ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርዎ ልክ ነው፣ ሁለተኛው ግን አይደለም። 5568 ዘዴውን በ1940ዎቹ መጨረሻ ቺካጎ ላይ ያስጀመረው የዊላርድ ሊቢ ዘመን ቁጥር ነው። በኋላ በተሻለ ልኬት 5730 ተገኘ። ያን ጊዜ ግን በአሮጌው ቁጥር የታተመ ብዙ ውጤት ነበር። አዲሱና አሮጌው እንዳይደባለቅ ላብራቶሪዎች በ5568 ለመቀጠል ተስማሙ። ማባዣው 8033 ይሆናል ማለት ነው። ልዩነቱ 3 በመቶ ገደማ ነው።

በእውነተኛ ናሙና እንየው። በ1988 እ.ኤ.አ. የቱሪን ከፈን የሚባለው፣ ብዙዎች ኢየሱስ የተገነዘበት ነው የሚሉት ጨርቅ በኦክስፎርድ፣ በዙሪክና በአሪዞና ላብራቶሪዎች ተለካ። አማካዩ 691 ዓመት፣ ሲደመር ሲቀነስ 31 ነበር። ወደ ኋላ ብናሰላው የቀረው ካርቦን 14 91.76 በመቶ ነው። ይህንኑ ድርሻ በ5730 ብታሰሉት 711 ዓመት ይወጣል። ታዲያ የትኛው ነው የጨርቁ ዕድሜ? ሁለቱም አይደሉም። በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን 14 በየዘመኑ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይል ነበር፣ ቀመሩ ደግሞ ሁልጊዜ እኩል እንደነበር ያስባል። ስለዚህ 691 የሚለው ቁጥር ዓመታቸው በታወቀ የዛፍ ቀለበቶች ከተሠራ ኩርባ ጋር ይመሳከራል። በዚህ መንገድ የወጣው ዘመን ከ1260 እስከ 1390 እ.ኤ.አ. ነው። የ5568 ጉድለትም እዚያው ኩርባው ላይ ይስተካከላል፣ ምክንያቱም የዛፎቹም ልኬት የተሰላው በዚያው ቁጥር ነው።

ለተማሪዎችዎ ግን 5730 ይስጡ። ጥያቄው ላይ ሌላ ቁጥር ከተጻፈ በተጻፈው ይሥሩ።

ስሙን ያልጻፈ፦ በካርቦን ልኬት ውጤት ላይ «ከዛሬ በፊት» ሲባል ዛሬ የተባለው 1950 ነው አሉ። በእኛ ነው በፈረንጅ?

በፈረንጅ። በእኛ 1942 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ የኑክሌር ቦምብ ሙከራዎች በ1963 እ.ኤ.አ. አካባቢ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ አየር ውስጥ ያለውን ካርቦን 14 ወደ እጥፍ አደረሱት።

የታሪክ አንባቢ፦ የቱሪኑ ጨርቅ በ1532 እሳት ደርሶበታል። ጭሱና ጥላሸቱ አዲስ ካርቦን ጨምሮበት ወጣት አስመስሎት ቢሆንስ?

ሐሳብህ በመርህ ደረጃ ልክ ነው፤ አዲስ ካርቦን ሲገባ ዕድሜ ይቀንሳል። ስንት መግባት አለበት የሚለውን ግን እናስላው። ጨርቁ የመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን ቢሆን 79.3 በመቶ ገደማ ካርቦን 14 ይቀረው ነበር። የተለካው 91.76 ነው። የገባው ባዕድ ካርቦን እንደ ዘመናችን ሙሉ 100 በመቶ ይሁን ብለን እናግዘው። ድርሻውን x እንበል፦

0.793(1 − x) + x = 0.9176

x = 0.60

ማለትም ከተለካው ካርቦን 60 በመቶው ባዕድ መሆን አለበት። ላብራቶሪ ውስጥ ደግሞ ናሙናው በአሲድ፣ ከዚያ በአልካሊ፣ እንደገና በአሲድ ይታጠባል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ከጨርቁ የበለጠ ጥላሸት ይቀራል ማለት ይከብዳል። በ1532 የገባ ካርቦን ራሱም ስለሚያረጅ ከ60 በመቶም በላይ ያስፈልጋል።

የታሪክ አንባቢ፦ የተቆረጠው ጥግ በኋላ ዘመን የተጠገነ ነው የሚሉስ አሉ።

ያንን በግማሽ ዕድሜ ስሌት መመለስ አይቻልም። ካርቦኑ የተለካውን ክር ዘመን ይናገራል እንጂ ክሩ የዋናው ጨርቅ መሆኑን አይናገርም። ክርክሩ የሽመና አዋቂዎች ነው፣ አሁንም ይከራከሩበታል።

ከአዲስ አበባ፦ ድንቅነሽን ለምን በካርቦን አይለኳትም?

3.2 ሚሊዮን ዓመት ከ550 ግማሽ ዕድሜ በላይ ነው። ከራሷ አንድም የካርቦን 14 አቶም አይቀርም። የእሷ ዘመን የታወቀው ከእሳተ ገሞራ አመድ በአርጎን ነው። ካርቦን 14 ወደ 50 ሺህ ዓመት ላይ ይደክማል፣ እዚያ የሚቀረው 0.24 በመቶ ብቻ ነው። ቆሻሻ የሚያስፈራውም እዚህ ነው። ምንም ካርቦን 14 በሌለው የድንጋይ ከሰል ላይ 1 በመቶ አዲስ ካርቦን ቢቀላቀል ስሌቱ 38 ሺህ ዓመት ይላል። እንዲህ ዓይነት ውጤት ሳይ ቁጥሩን ከማመኔ በፊት አብሮ የታጠበውን ባዶ ናሙና፣ ማለትም ካርቦን 14 እንደሌለው አስቀድሞ የታወቀውን፣ ውጤት እጠይቃለሁ።

ከዋሽንግተን፦ ቤታችን የአያቴ የብራና ዳዊት አለ። ቄሱ በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን የተጻፈ ነው ብለውናል። ልኬት ያረጋግጥልናል?

እህቴ፣ አትቁረጡት። ቴዎድሮስ የነገሡት ከ1855 እስከ 1868 እ.ኤ.አ. ነው፣ 13 ዓመት። ልኬቱ ራሱ በሁለት ወገን ሃያና ሠላሳ ዓመት ይወዛወዛል። ከዚያ የባሰው ኩርባው ነው። ከ1650 ወዲህ ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚል አንድ ልኬት ሦስት አራት ዘመን ላይ ያርፋል። «በ1600ዎቹ መጨረሻ፣ ወይም በ1700ዎቹ፣ ወይም በ1800ዎቹ» የሚል መልስ ተቀብላችሁ ትመለሳላችሁ።

የአባ ገሪማ ወንጌሎች የተሳካላቸው በጣም ጥንታዊ ስለሆኑ ነው። እዚያ የመቶ ሃምሳ ዓመት ስፋት ብዙ ጥያቄ ይመልሳል፣ እናንተ ጋ ግን ምንም አይለይም። ደግሞ ብራና የሚነግረን ፍየሉ የሞተበትን ዘመን ነው። ተፍቆ እንደገና ከተጻፈበት ጽሑፉ አዲስ ሆኖ ቁጥሩ አሮጌ ይወጣል።

ከዋሽንግተን፦ የእንጨት ገበታው ቢለካስ?

እሱ ይበልጥ ያሳስታል። ከወፍራም ዛፍ መሐል የተፈለጠ ከሆነ ያ ክፍል ካርቦን መቀበል ያቆመው ዛፉ ከመቆረጡ ብዙ ዓመት በፊት ነው። መጨረሻው ቅጠል ላይ የጸሐፊው ጸሎት ካለ ፎቶ አንሥታችሁ ግዕዝ ለሚያነብ ሰው አሳዩ። የንጉሥ ወይም የጳጳስ ስም ከተጻፈበት ከካርቦን 14 የተሻለ ዘመን ታገኛላችሁ።