ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ደሜ እየጨመረ RDW ለምን ከፍ አለ?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። የምጽፍልዎ ከሐይቅ ነው፣ ዕድሜዬ 34 ነው። የወር አበባዬ ስለሚበዛ ደም አንሶኝ ደሴ ታክሜ የአይረን ክኒን ጀመርኩ። ስጀምር ሄሞግሎቢኔ 8.4፣ MCV 68፣ RDW 18.2 ነበር። ከአራት ሳምንት በኋላ ሄሞግሎቢኔ 10.6፣ MCV 75 ሆነ። RDW ግን 20.8 ሆኖ ጎኑ ላይ H ተጽፎበታል። ጎረቤቴ «ደምሽ ተበላሽቷል» አለችኝ። ክኒኑን ልተወው?

መልስ፦ አብሽሩ እህቴ፣ ክኒኑን አይተዉት። ሄሞግሎቢንዎ እየጨመረ RDW፣ ማለትም የቀይ ሴሎችዎ የመጠን ልዩነት፣ ከፍ ማለቱ መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን ነው የሚያሳየው። ነገሩ ግልጽ እንዲሆንልዎ ማሽኑ ደምዎን ምን እንዳደረገው ልንገርዎ።

ከክንድዎ የተቀዳው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል ባለበት ብልቃጥ ውስጥ ይገባል። ማሽኑ ከዚያ በጣም ጥቂት ይስብና በጨዋማ ፈሳሽ በብዙ ሺህ እጥፍ ያቀጥነዋል። ይህ ፈሳሽ የፀጉር ውፍረት በሚያክል ቀዳዳ እንዲያልፍ ይደረጋል። በቀዳዳው በኩል ኤሌክትሪክ ይሄዳል። ጨዋማው ፈሳሽ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ የደም ሴል ግን አያሳልፍም። ስለዚህ አንድ ሴል ቀዳዳው ውስጥ በገባ ቁጥር ኤሌክትሪኩ ለቅጽበት ይደናቀፋል፤ ማሽኑም ያንን አንድ ብሎ ይቆጥራል። ትልቅ ሴል አብዝቶ፣ ትንሽ ሴል ጥቂት ያደናቅፋል። በዚህ መንገድ ማሽኑ ሲቆጥር እግረ መንገዱን የእያንዳንዱን ሴል መጠን ይለካል። ዋላስ ኩልተር የተባለ አሜሪካዊ ለዚህ ዘዴ የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። ዛሬ በሌዘር ብርሃን የሚለኩ ማሽኖችም አሉ፤ ብዙዎቹ ግን አሁንም ቀይ ሴልን የሚቆጥሩት በዚሁ መንገድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ማሽኑ በዚያች ቀዳዳ የሚያውቀው መጠንን ብቻ ነው። የሴሉን መልክ፣ ቀለም፣ ከየት እንደመጣ አያይም። ያንን ማየት የሚችለው ደሙን በብርጭቆ ላይ ቀብቶ በማይክሮስኮፕ የሚመለከት ባለሙያ ነው።

ማሽኑ እንዲህ አድርጎ የለካቸውን በሺዎች የሚቆጠሩ ቀይ ሴሎች መጠን አማክሎ አንድ ቁጥር ያወጣል። MCV የሚባለው እሱ ነው፤ የአንድ ቀይ ሴል አማካይ መጠን። የሚለካው ፌምቶሊትር በሚባል እጅግ ጥቃቅን መስፈሪያ ሲሆን፣ በአዋቂ ሰው ከ80 እስከ 100 ያለው እንደ ደኅና ይቆጠራል። አይረን ሲያንስ ሴሉን የሚሞላው ሄሞግሎቢን ስለሚጎድል ሴሎቹ ትናንሽ ሆነው ይወጣሉ። የእርስዎ 68 የነበረው ለዚህ ነው።

አማካይ ግን ብዙ ነገር ይሸፍናል። ገበያ ላይ አሥር አሥር ኪሎ የሚመዝኑ ግልገሎችና ሠላሳ ሠላሳ ኪሎ የሚመዝኑ ሙክቶች እኩል በእኩል ቢቆሙ አማካዩ ሃያ ኪሎ ነው፤ ሃያ ኪሎ የሚመዝን በግ ግን አንድም የለም። RDW የተፈለገው ለዚህ ነው። ሴሎቹ በመጠን ምን ያህል እንደሚለያዩ ይነግረናል። ሁሉም የሚቀራረቡ ከሆነ ቁጥሩ ያንሳል፤ ትልቅና ትንሽ ከተቀላቀለ ይጨምራል። በፐርሰንት ሲጻፍ ብዙ ጊዜ ከ11.5 እስከ 14.5 ያለው ደኅና ነው፤ ድንበሩ ከማሽን ማሽን ትንሽ ስለሚለያይ ወረቀትዎ ላይ የታተመውን ይመልከቱ። አንዳንድ ወረቀት ላይ RDW-SD የሚባል ሌላ መስመር አለ። እሱ የሚጻፈው በፌምቶሊትር ስለሆነ ከፐርሰንቱ ጋር አያወዳድሩት።

አሁን ወደ እርስዎ ደም እንምጣ። ቀይ ሴል አንዴ ከተሠራ 120 ቀን ገደማ ይኖራል፤ መጠኑም የሚወሰነው በአብዛኛው ሲሠራ በነበረው አይረን ነው። ክኒኑን ሲጀምሩ በደምዎ የነበሩት ትናንሽ ሴሎች አይረን ስለዋጡ አያድጉም፤ ዕድሜያቸውን ጨርሰው ይሄዳሉ እንጂ። መቅኔዎ ግን አይረን አግኝቶ ደኅና መጠን ያላቸውን አዳዲስ ሴሎች መሥራት ጀምሯል። በአራት ሳምንት ከመቶው ሴል 67ቱ አሮጌዎቹ ባለ 68፣ 33ቱ ደግሞ አዳዲሶቹ ባለ 88 ናቸው እንበል። አማካያቸው ወደ 75 ይመጣል፤ የእርስዎ MCV ልክ እዚያ ነው። ትንሹና ትልቁ አንድ ላይ ስለሆኑ ግን ልዩነቱ ሰፍቶ RDW ወደ 21 ይጠጋል። ሂሳቡ ከወረቀትዎ ጋር ይገጥማል። ማሽኑ የሴሎቹን ስርጭት በመስመር የሚስል ከሆነ በወረቀቱ ግርጌ ሁለት ጉብታ ሊያዩ ይችላሉ፤ ግራው የአሮጌዎቹ፣ ቀኙ የአዳዲሶቹ ነው። H የሚለው ፊደል «ከታተመው ድንበር በላይ» ማለት ብቻ ነው፤ ደም መበላሸትን አያመለክትም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ዐይነት ወረቀት ነው። RDW ከፍ ብሎ ሄሞግሎቢን ባለበት ቢቀር ወይም ቢወርድ፣ ወይም MCV 88 ሆኖ ሲያዩት ደኅና መስሎ RDW 20 ቢያልፍ። እንዲህ ያለው አይረንና ቫይታሚን ቢ12 ወይም ፎሌት አብረው ሲያንሱ ይታያል፤ አንዱ ሴሉን ሲያሳንስ ሌላው ሲያተልቀው አማካዩ መሐል ላይ ያርፋል። ያኔ ደሙ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። ደም የተሰጠው ሰውም የራሱና የለጋሹ ሴል ስለሚቀላቀል RDW ሊጨምርበት ይችላል፤ ተሰጥቶዎት ከሆነ ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ናሙናው ራሱም ሊያሳስት ይችላል። ከዓመታት በፊት በምሠራበት ጤና ጣቢያ ከሰዓት በኋላ የተቀዳ የአንዲት እናት ደም መኪና ጠፍቶ አድሮ በማግሥቱ ተመረመረ። የእናትየዋ MCV 91 ሆኖ መጣ። እንደገና ቀድተን በዚያው ቀን ስናስመረምር 85 ሆነ። ደም ክፍል ሙቀት ላይ ሲያድር ሴሎቹ ውሃ ስለሚስቡ ያብጣሉ፤ ማሽኑ ያበጠውን ነው የለካው። ስለዚህ ደምዎን ማሽኑ ባለበት ቦታ ቢሰጡ፣ ከተቻለም በፊት በተመረመሩበት ማሽን ቢሆን፣ ቁጥሮቹን ማወዳደር ይቀላል።

ሄሞግሎቢንዎ 12 ሲገባ ጨርሻለሁ እንዳይሉ። እንደ ሐይቅና ደሴ ባለ ከፍታ ሰውነት ሄሞግሎቢን ስለሚያበዛ ለሴት የምንፈልገው ወደ 13 የሚጠጋ ነው። እዚያ ከደረሱም በኋላ የተሟጠጠው ክምችት እንዲሞላ ሐኪምዎ ክኒኑን ለሦስት ወር ያህል ሊያስቀጥልዎ ይችላል። ክኒኑን ቡና ላይ አይውሰዱት፤ ቡናና ሻይ አይረኑን ስለሚይዙት ከአቦልም ከበረካም ቢያንስ አንድ ሁለት ሰዓት ያርቁት። የሚበዛው ወር አበባም በማሕፀን ሐኪም ካልታየ የሞላው ተመልሶ ይፈሳል። ተቀምጠው ትንፋሽ ካጠረዎ፣ ደረትዎን ከወጋዎ ወይም ከወደቁ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሆስፒታል ይሂዱ።

ከአራት ሳምንት በኋላ ሲቢሲ የሚባለው ይኸው የደም ቆጠራ ይደገምልዎ፤ ሁለቱንም አሮጌ ወረቀቶች ይዘው ይሂዱ። ሄሞግሎቢንና MCV እንደገና ጨምረው ማየት እፈልጋለሁ። RDW ያኔም H ቢኖርበት አይደንግጡ፤ የሚረጋጋው ትናንሾቹ ሴሎች አልቀው ሲሄዱ ነው፣ ይህም ከመጀመሪያው ክኒን ጀምሮ ሦስት አራት ወር ይወስዳል።