ጥያቄና መልስ፦ «25 ፐርሰንት ካልቀነስክ አልገዛም» ለሚል ደንበኛ ምን ብለን እንጻፍ?

ከሸዋ በር፦ እትዬ፣ ደሴ ላይ ብረታ ብረት ቤት አለኝ። ሐይቅ ላይ ፔንሲዮን የሚከፍቱ አንድ ሐጂ 20 አልጋ ሊያሠሩኝ ነው። በ18,000 ሂሳብ ፕሮፎርማ ላክሁ። «25 ፐርሰንት ቀንስ፣ ሌላ ቦታ በ13,500 አግኝቻለሁ» ብለው ጻፉልኝ። ሥራውን ማጣት አልፈልግም። ምን ብዬ ልመልስ?

እትዬ፦ አብሽር፣ እስካሁን ምንም አላጣህም። ጨርሰው የተዉህ ቢሆን ኖሮ ባልጻፉልህ ነበር። አሁኑኑ ስልክ አንስተህ አትደውል። በስልክ ከሆነ «እሺ ትንሽ እናያለን» ትላለህ፣ ያቺ «ትንሽ» ትይዝሃለች። በጽሑፍ ነው የምትመልሰው። ከዚያ በፊት ግን አንድ አልጋ ምን ያህል እንደሚያስወጣህ ንገረኝ። እሱን ሳላውቅ የምሰጥህ ምክር ባዶ ነው።

ከሸዋ በር፦ ሁሉንም ደምሬ 15,000 ይወጣል። ከዚህ ውስጥ ቱቦላሬው ብቻ 8,000 ነው። ትርፌ በአልጋ 3,000 ነው።

እትዬ፦ በ13,500 ከሸጥክ በእያንዳንዱ አልጋ 1,500 ብር ከኪስህ ትጨምራለህ። በ20 አልጋ 30,000 ብር ከፍለህ ሠራህላቸው ማለት ነው። ይሄን ማንም ያየዋል። ሰው የማያየው 10 ፐርሰንቱን ነው። «10 ፐርሰንት ምን አላት፣ ልቀንስላቸውና ልገላገል» ይላል። 10 ፐርሰንት 1,800 ብር ነው፣ የምትወጣውም ከዋጋው ሳይሆን ከትርፍህ ነው። ከ3,000 ትርፍህ 1,200 ይቀርሃል። በ20 አልጋ ታገኘው የነበረውን 60,000 ብር ለማግኘት አሁን 50 አልጋ መሥራት አለብህ። ስለዚህ ዋጋው አይነካም። ሌላ የምትሰጣቸው ነገር እንፈልጋለን።

ከሮቢት፦ ደንበኛ ሲከራከር በጥቅሉ ምን ይሻላል?

እትዬ፦ በጥቅሉ መልስ የለኝም። ምን ትሸጣለህ፣ በስንት፣ ለማን? እሱን ይዘህ ተመለስ።

ከባቲ፦ እኔ ፍየል ነጋዴ ነኝ። ይሄ ሁሉ ሂሳብ ምን ያደርጋል? መጀመሪያ 24,000 ብሎ ቢጠራ ሐጂም ደስ ብሏቸው 25 ፐርሰንቱን ይቀንሱ፣ እሱም 18,000ውን ያገኝ ነበር። ወሎ ውስጥ ሳይቀንስ የሚገዛ ሰው የት አለ?

ከኮምቦልቻ፦ ወንድሜ፣ ፍየል ሌላ ነው፣ ፕሮፎርማ ሌላ ነው። የሆቴል ዕቃ የሚገዛ ሰው ሦስት ፕሮፎርማ ጎን ለጎን ያስቀምጣል። 24,000 ያለውን ገና ሳይደውልለት ይጥለዋል። ክርክሩ ጋ መቼ ይደርሳል?

ከባቲ፦ እኔ ግን ሰኞ ሰኞ በዚሁ ነው የምሸጠው። አንድም ቀን ተርቤ አላደርኩም።

እትዬ፦ የባቲው ልጅ ስለ ባቲ ገበያ ልክ ነው። ፊት ለፊት ቆሞ፣ እጅ ተጨባብጦ በሚያልቅ ገበያ ጨምሮ መጥራቱ ይሠራል፣ ገዢውም ይጠብቀዋል። በጽሑፍ የወጣ ዋጋ ላይ ግን ኮምቦልቻ ያለው ነው የሚሆነው። ደግሞ አንዴ 25 ፐርሰንት በአንድ መልእክት ከቀነስክ ሰውዬው «መጀመሪያውኑ ሊበላኝ ነበር» ይላል። ቀጣዩ ፕሮፎርማህንም አያምንም። ወደ ሐጂ እንመለስ።

አዲስ ፔንሲዮን የሚከፍት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨንቀው የአልጋው ዋጋ አይደለም፣ ገንዘቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ መውጣቱ ነው። ግንባታው በልቶታል፣ ፍራሹና መጋረጃው ገና ነው፣ ክፍሎቹ አንድ ብር አላስገቡም። አንተ ፕሮፎርማው ላይ ቀብድ ስንት ብለሃል?

ከሸዋ በር፦ 70 ፐርሰንት ቀብድ፣ 30 ሲረከቡ።

እትዬ፦ 252,000 ብር አልጋ ሳያዩ አውጡ ብለሃቸዋል። እዚህ ጋ ነው መላ ያለው። ቀብዱን 50 አድርገው። 180,000 ይሆናል፣ 72,000 ብር እፎይታ ሰጠሃቸው ማለት ነው። የመጀመሪያውን 10 አልጋ ስታደርስ 25 ፐርሰንት፣ 90,000 ይከፍላሉ። ቀሪው 90,000 ሁለተኛው 10 አልጋ ከመኪና ከመውረዱ በፊት ይከፈላል። እሳቸው በመጀመሪያዎቹ አልጋዎች ግማሹን ፔንሲዮን ከፍተው ገንዘብ ማስገባት ይጀምራሉ። አንተም አደጋ ላይ አይደለህም። እጃቸው የገባው የ180,000 ዕቃ ሲሆን አንተ ግን 270,000 ተቀብለሃል።

ልብ በል ታዲያ፣ ቀብዱ ብረቱን ካልገዛ ሥራ አትጀምር። የ20 አልጋ ቱቦላሬ 160,000 ነው፣ 180,000ው ይሸፍነዋል። ቀብዱን እንደተቀበልክ የሁለተኛውንም ዙር ብረት አብረህ ግዛው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ብረት ምን እንዳሳየን ሁላችንም እናውቃለን። የሁለተኛውን ዙር በኋላ ልግዛ ብትል ትርፍህ እዚያው ያልቃል።

ከወልዲያ፦ ያለ ደረሰኝ ልሽጥላቸውና ቫቱን ልቀንስላቸው ብልስ? 15 ፐርሰንት ቀላል አይደለም።

እትዬ፦ አይሆንም። ቫቱ የመንግሥት ነው፣ አንተ የምትሰጠው ነገር አይደለም። እዚህ ላይ አልከራከርም።

ከሸዋ በር፦ ማድረሻውንስ በነጻ ባደርግላቸው? ኢሱዙ እስከ ሐይቅ ከነጫኝ አውራጁ 8,000 ይፈጃል።

እትዬ፦ ጥሩ ነው፣ ግን ከክፍያው ጋር ደርበህ አይደለም። በሁለት ዙር ካደረስክ ኢሱዙው ሁለቴ ነው የሚሄደው፣ 16,000 ነው። ስለዚህ አማራጭ አድርገው። ክፍያው ይከፋፈል ካሉ የመጀመሪያውን ጉዞ አንተ ትችላለህ፣ ሁለተኛውን እሳቸው። ቀብዱን እንደነበረው 70 ከከፈሉ ሙሉ ማድረሻና መግጠሚያ በነጻ፣ ብየዳው ላይም የአንድ ዓመት ዋስትና። 8,000 ብር ለ20 አልጋ ሲካፈል 400 ብር ነው፣ ከ1,800 ጋር አይወዳደርም። ለእሳቸው ግን መኪና መፈለጉ፣ አውራጅ መለመኑ፣ ብሎን አጥባቂ መጥራቱ ሁሉ ቀረላቸው።

ሁሉንም በአንዴ ዘርግፈህ አትስጥ። በነጻ ያገኙትን አይቆጥሩትም፣ ነገ ደግሞ ሌላ ይጠይቁሃል። «እርስዎ ይሄን ካደረጉ እኔ ይሄን አደርጋለሁ» ነው መሆን ያለበት።

ከሸዋ በር፦ እሺ፣ መልእክቱን እንዴት ልጻፈው?

እትዬ፦ እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦

«አሰላሙ ዓለይኩም ሐጂ። ፕሮፎርማውን አይተው ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። የአልጋው ዋጋ 18,000 ብር ነው፣ በዚህ ብረትና በዚህ አሠራር ከዚህ በታች አንሠራውም። ክፍያው እንዳይከብድዎት ግን ሁለት መንገድ አለኝ። አንደኛው፣ ቀብዱ ወደ 50 ፐርሰንት ይወርድልዎታል፣ 10 አልጋ ቀድመን አድርሰን 25 ፐርሰንት ይከፍላሉ፣ ቀሪውን ሁለተኛው ዙር ከመውረዱ በፊት። የመጀመሪያው ጉዞ በእኛ ነው፣ ሁለተኛው በእርስዎ። ሁለተኛው፣ ቀብዱ 70 እንደሆነ ሆኖ 20ውንም በአንድ ጊዜ ሐይቅ ድረስ አምጥተን ገጥመን እናስረክባለን፣ ብየዳው ላይ የአንድ ዓመት ዋስትና እንጽፋለን። ዋጋው ራሱ መውረድ አለበት ካሉ የራስጌውን የላሜራ ጌጥ አውጥተን በ16,500 መሥራት እንችላለን። የትኛው ይሻልዎታል? ይህ ዋጋ እስከ ዓርብ የጸና ነው።»

«ይቅርታ» የሚል ቃል እንዳትጨምር። የምትጠይቀው ይቅርታ የለም፣ ዋጋህን ነው የነገርካቸው። የወጪ ዝርዝርም አትላክ። ኤሌክትሮዱ ይሄን ያህል፣ ቀለሙ ይሄን ያህል ካልክ ነገ በየመስመሩ ይከራከሩሃል። የላሜራው ጌጥ ሲወጣ ከወጪህ 1,500 የሚወርድ ከሆነ ብቻ ነው 16,500 የምትለው፣ እሱን ቀድመህ አስላ። ዕቃው ሳይቀንስ ዋጋው አይቀንስም።

ከሸዋ በር፦ በትክክል 1,500 ገደማ ነው የሚወርደው።

ከመናፈሻ፦ እኔ ደግሞ ሶፋ ላሠራ ነው። ሠሪው 10 ፐርሰንት እንዲቀንስልኝ እንዴት ልጻፍለት?

እትዬ፦ አንተ ገዢ ነህ፣ እዚህ የምናወራው ስለ ሻጭ ነው። ሌላ ቀን።

ከሐይቅ፦ ታዲያ ስንት ፐርሰንት ቢቀንስላቸው ነው ጥሩ?

እትዬ፦ ከላይ ያለውን አንብብ። ዋጋው አይነካም ብያለሁ።

ከኮምቦልቻ፦ እትዬ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። የቆየ ደንበኛ ከሆነ 3 ፐርሰንት መቀነስ ክብር ነው። ሐጂ ነገ ሁለተኛ ፎቅ ይሠራሉ፣ ወንድማቸው ከሚሴ ሆቴል ሊኖረው ይችላል። ደረቅ ያልክ እንደሆነ ስምህ ይወጣል።

እትዬ፦ ለሁለተኛው ፎቅ የሚቀነሰው ሁለተኛው ፎቅ ሲታዘዝ ነው። «ቀጣይ ሥራ እሰጥሃለሁ» የሚል ተስፋ ቱቦላሬ አይገዛም።

ከኮምቦልቻ፦ እኔ በ3 ፐርሰንት ያቆየኋቸው ሰዎች አሉ። አንቺ የምትዪው ለአዲስ ደንበኛ ይሠራል፣ ለቆየው ግን አሁንም አልተዋጠልኝም።

ከባቲ፦ ምራቂስ? እኛ ገበያ ሰው ምራቂ ካላየ ልቡ አይረጋም።

እትዬ፦ ምራቂ ጥሩ ነው። ለእንግዳ መቀበያው አንድ የጫማ መደርደሪያ ከቁርጥራጭ ብረት ሠርቶ ቢጨምርላቸው እወዳለሁ። ግን ቀብድ ሲከፍሉ ነው የሚነገራቸው፣ ገና ሲከራከሩ አይደለም።

ከሸዋ በር፦ ላክሁት። አሁን መለሱልኝ። «ሁለቱም መንገድ ደህና ነው፣ የ13,500ው ግን ያው አልጋ ነው፣ ነገ ልጄ መጥቶ ያንተን ያያል» አሉ።

እትዬ፦ እጅህ ላይ ነው ነገሩ። «ያው አልጋ ነው» ያሉት ላይ አትከራከራቸው፣ ልጃቸው በዓይኑ ይየው። 13,500 ያለው ሰውዬ ምን ዓይነት ቱቦላሬ እንደሚጠቀም ጠይቃቸው። ያንተ 40 በ40 ሆኖ ውፍረቱ 1.2 ሚሊ ከሆነ አንዱ 6 ሜትር ዘንግ 9 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 0.8 ከሆነ 6 ኪሎ ገደማ ነው። ቀለም ከተቀባ በኋላ በዓይን አይለይም፣ ሚዛን ላይ ግን ይለያል። ነገ ሁለቱን ዘንግ አምጥተህ ልጁን ራሱን አስመዝነው። ቀጭኑ ብየዳው ጥግ ላይ ይበሳል፣ በፔንሲዮን ደግሞ አልጋው ላይ በየቀኑ ሌላ ሰው ነው የሚተኛው፣ ክፍሉ ሲጠረግም ይጎተታል። የሚሰነጠቀው እግሩና ጎኑ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። የተሠራ አልጋ ካለህ ገልብጠህ ያንን ጥግ አሳየው፣ ብየዳው ዙሪያውን መዞሩን ይይ። የሰውዬውም 1.2 ሆኖ ከተገኘ ግን ያኔ ሌላ ወሬ ነው፣ ተመልሰህ ጻፍልኝ፣ ወጪህን እንደገና እናየዋለን።

ልጁ እዚያው ቆሞ «ትንሽ ቀንስና እንጨርስ» ቢልህ ያንኑ ሁለት መንገድ ድገምለት። አዲስ ነገር አትጨምር። ቀብዱ ብረቱን ሳይሸፍን ደግሞ አንድ ዘንግ እንዳትቆርጥ።