ልጅ ሲያንዘፈዝፈው ቤት ውስጥ የሚሰጥ ዲያዜፓም፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (የሦስት ዓመት ልጅ እናት)፦ ልጄን ሲያንዘፈዝፈው በፊንጢጣ የምሰጠው ዲያዜፓም በአምፑል ይዣለሁ። ያኔ የተሰጠኝ ወረቀት «5» ብቻ ይላል። አሁን 14 ኪሎ ሆኗል። ስንት ልስጠው?

መልስ (የሕፃናት ድንገተኛ ክፍል ነርስ)፦ እህቴ፣ ሳይመሽብሽ ወረቀቱን ለሐኪሙ መልሺና በሚሊግራምም በሚሊሊትርም ያስጽፍልሽ። በዚህ ዕድሜ የተለመደው ልክ ለአንድ ኪሎ ግማሽ ሚሊግራም ነው። «5» የተባለው ልጁ 10 ኪሎ ገደማ ሳለ ይመስለኛል፤ ለ14 ኪሎ 7 ሚሊግራም ይመጣል። ሲሪንጁ ግን የሚለካው በሚሊሊትር ነው። አምፑሉ ላይ «10 ሚሊግራም በ2 ሚሊሊትር» ከተጻፈ፣ አንዱ ሚሊሊትር 5 ሚሊግራም ይዟል ማለት ነው። 7 ለ5 ሲካፈል 1.4 ሚሊሊትር።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 7 ሚሊሊትር ቢቀዳ 35 ሚሊግራም፣ አምስት እጥፍ ይሆናል፤ ትንፋሹን ሊያቆመው ይችላል። አንድ አምፑል 2 ሚሊሊትር ብቻ ስለሚይዝ፣ ለትንሽ ልጅ ሁለተኛ አምፑል ልትሰብሪ ከሆነ ስሌቱ ተሳስቷልና እጅሽን አቁሚ። ባለ 2 ሚሊሊትር ሲሪንጅ ያዢ፣ መስመሮቹ በ0.1 ስለሚሄዱ 1.4 በግልጽ ይታያል። ልጁ ኪሎ በጨመረ ቁጥር ልኩን እንዲያዩልሽ ጠይቂ።

ጥያቄ (አባት)፦ መቼ ነው የሚሰጠው? አሰጣጡስ?

መልስ፦ መንዘፍዘፉ እንደጀመረ ሰዓት ይያዝ። አብዛኛው በራሱ ስለሚቆም 5 ደቂቃ እስኪሞላ ይጠበቃል፤ ሐኪሙ ለልጅህ ሌላ ጊዜ ከወሰነ ግን የእሱን ተከተል። እስከዚያ በጎኑ አስተኛው፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገባ። አንድ ሰው እንዲደውል ወይም መኪና እንዲያዘጋጅ ንገር።

መድኃኒቱን በመርፌ ከቀዳህ በኋላ መርፌውን ነቅለህ ጣል፣ አየሩን አስወጣ፣ ልኩን እንደገና እይ። የሲሪንጁን ጫፍ ቫዝሊን ቀባና በቀስታ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር አስገባው፤ ቀስ ብለህ ግፋ። ካወጣኸው በኋላ ሁለቱን መቀመጫዎች ለጥቂት ደቂቃ ገጥመህ ያዝ፣ አለበለዚያ ፈሳሹ ይመለሳል። ከሰገራ ጋር ቢወጣ ምን ያህሉ እንደቀረ ማወቅ አይቻልምና በግምት አትድገም፣ ወደ ሆስፒታል ሂድ።

አስተያየት (አክስት)፦ የእህቴን ልጅ የማስታምመው እኔ ነኝ። በ5 ደቂቃ ካልቆመ ይደገማል ብለውናል።

መልስ፦ ግማሹ ልክ ነው። መድገም አለ፤ ግን ከመጀመሪያው ልክ ቢያንስ 10 ደቂቃ ቆይቶ ነው፣ ያውም ትንፋሹን የሚከታተልና አምቡ በሚባለው በእጅ የሚጨመቅ የአየር መስጫ የሚረዳ ሰው ባለበት። ቤት ውስጥ አንዴ ሰጥቶ፣ ካልቆመ መንገድ መጀመር ነው ደንቡ። ከሆስፒታል በጣም ለሚርቁ ቤተሰቦች ሁለተኛውን የሚጽፉ ሐኪሞች አሉ። በዚህ ባለሙያዎችም አንስማማም፤ እኔ አልደግፈውም። ለእናንተ በጽሑፍ ከሌለ አትድገሙ።

ጥያቄ (የአምስት ዓመት ልጅ እናት)፦ የእኔ ልጅ ዲያዜፓሙ ተትቶ በጉንጭ የሚሰጥ ሚዳዞላም ታዘዘላት። የድሮውን ቁጥር ልጠቀም?

መልስ፦ በፍጹም። ሌላ መድኃኒት፣ ሌላ ልክ ነው። በጉንጭ የሚሰጠው ሚዳዞላም ብዙ ጊዜ በዕድሜ ይወሰናል፦ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ሳይሞላ 5 ሚሊግራም፣ ከ5 እስከ 10 ሳይሞላ 7.5 ሚሊግራም። ስለዚህ የአንቺ ልጅ 5 ከሞላት ልኳ 7.5 ሚሊግራም ነው። የብልቃጡ ጥንካሬም ይለያያልና ሚሊሊትሩን ከራሱ ከብልቃጡ ላይ አስሉ። በታችኛው ድድና በጉንጯ መካከል ቀስ እያልሽ ነው የምታፈሽው፣ ወደ ጉሮሮ አይደለም።

ጥያቄ (አያት)፦ ልጄ፣ ትኩሳት ሲጀምረው ዲያዜፓሙን ቀድሜ ብሰጠው አይሻልም?

መልስ፦ እማማ፣ ይሄኛው ሳያንዘፈዝፈው አይሰጥም። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይስጡት፤ እሱም ቢሆን መንዘፍዘፉን አይከለክልም፣ ለምቾቱ ነው። እያንዘፈዘፈው ላለ ልጅ ግን በአፉ ምንም ነገር አይስጡት።

ጥያቄ (አባት፣ ደግሞ)፦ ከሰጠነው በኋላ ይተኛል። መቆሙን በምን ልወቅ?

መልስ፦ እጅና እግሩን አንሥተህ ልቀቅ፤ ልል ብሎ ከወደቀ፣ ትንፋሹም እኩል ከሆነ ብዙ ጊዜ ቆሟል። ዓይኑ ወደ አንድ ጎን ከተሰቀለ፣ መንጋጋው ከተቆለፈ ወይም ጣቱና የከንፈሩ ጠርዝ በእኩል ምት እየተንቀጠቀጠ ከሆነ አልቆመም። ልብሱን ገልጠህ ደረቱን እይ፦ ትንፋሹ ከዘገየ፣ ቆም ቆም ካለ፣ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ አገጩን ቀና አድርግ፤ መተንፈስ ካቆመ አፍንጫውን በጣትህ ይዘህ አፍህን በአፉ ላይ ገጥመህ፣ ዓመት ካልሞላው ደግሞ በአፉና በአፍንጫው ላይ ገጥመህ እፍ በልለት። መድኃኒቱን በሰጠህ በ5 ደቂቃ ካልቆመ፣ ወይም ቆሞ ከተመለሰ፣ ወይም ይሄ የመጀመሪያው ከሆነ አትጠብቅ፣ ውሰደው። ባዶውን አምፑልና የሰጠህበትን ሰዓት ይዘህ ግባ፤ እኛ ቀጣዩን ልክ የምንወስነው በእሱ ነው።