ጥያቄና መልስ፦ ልጅ ሲወለድ ወይም ትዳር ሲመሠረት በአሠሪ የጤና ኢንሹራንስ ላይ ስለማስመዝገብና ስለ 30 ቀኑ ገደብ

አዲስ አባት፦ ልጃችን ማርች 3 ተወለደች። እኔ ድሮም በመሥሪያ ቤቴ በኩል የቤተሰብ ኢንሹራንስ ነው የምከፍለው፤ ሆስፒታሉም የእናቷን ካርድ ተቀብሎ ሁሉን ነገር መዝግቦልናል። ሌላ የሚቀረን ነገር አለ?

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረቻችሁ። አዎ፣ ዋናው ነገር ገና ይቀራችኋል። ሆስፒታሉ የመዘገበው ሕክምናውን ማን እንደሚከፍል ለራሱ ሒሳብ ክፍል ነው እንጂ ልጅቱን በኢንሹራንሱ ላይ አላስገባትም፤ መወለዷንም ለአሠሪዎ አላሳወቀም። የቤተሰብ ክፍያ እየከፈሉ መሆንዎ ወርሃዊ ክፍያዎ እንዳይጨምር ሊያደርግ ይችላል፤ ልጅቱን ግን በራሱ አያስገባትም። የኢንሹራንስ ድርጅቱ የሚያውቀው በስም የተመዘገበን ሰው ብቻ ነው።

በ1996 የወጣው ሂፓ የተባለው የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ልጅ ሲወለድ፣ በጉዲፈቻ ሲመጣ ወይም ትዳር ሲመሠረት የአሠሪ የጤና ኢንሹራንስ ቢያንስ 30 ቀን የመመዝገቢያ ጊዜ እንዲሰጥ ያስገድዳል። አንዳንድ አሠሪዎች 31 ወይም 60 ቀን ይሰጣሉ፤ የእርስዎ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ እስኪነገርዎ ድረስ ግን 30 ብለው ይያዙት። ቀኑ የሚቆጠረው ከሆስፒታል ከወጣችሁበት ሳይሆን ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ ነው፤ ቅዳሜና እሑድም ይቆጠራሉ። ስለዚህ የእርስዎ ገደብ ኤፕሪል 2 ነው። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱና በጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚቆዩ ሕፃናት ወላጆች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ልጁ ቤት ሳይገባ 30 ቀኑ ያልቃል።

ጥሩው ነገር፣ በማርች 29 እንኳ ቢያስመዘግቧት ሽፋኑ ወደ ኋላ ተመልሶ ከማርች 3 ጀምሮ ይጸናል። ክፍያዎ የሚጨምር ከሆነ ግን ልዩነቱም ከዚያው ቀን ጀምሮ ስለሚታሰብ አንዱ ደመወዝዎ ከወትሮው ሊቀንስ ይችላል፤ ያን ሲያዩ አትደንግጡ።

ፎርሙን ከላኩ በኋላ ነገሩ ማለቁን የሚያረጋግጡት በኤች አር ፖርታል ላይ በሚታየው ምልክት ብቻ አይደለም። ጥያቄው ደርሷል ማለትና ጸድቋል ማለት የተለያዩ ናቸው። ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ በካርዱ ጀርባ ባለው ስልክ ኢንሹራንሱ ጋር ይደውሉና የልጅቱን ስምና የትውልድ ቀን ነግረው «ሽፋኗ የሚጀምረው ከየትኛው ቀን ነው?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ማርች 3 ካልሆነ ያኔውኑ ለኤች አር ይጻፉ።

ሰላም፦ በእኔ ስቴት ግን ሕፃን ለመጀመሪያዎቹ 31 ቀናት በእናቱ ኢንሹራንስ በራሱ ይሸፈናል ሲሉ ሰምቻለሁ። እንዲህ ከሆነ መቸኮል ለምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ የሰማሽው ከፊሉ እውነት ነው። ብዙ ስቴቶች እንደዚህ ያለ ሕግ አላቸው፤ ነገር ግን እነዚያም ሕጎች አብዛኛውን ጊዜ ሽፋኑ ከዚያ በኋላ እንዲቀጥል ማሳወቅንና መክፈልን ይጠይቃሉ። ከዚህ የሚበልጠው ችግር ደግሞ ብዙ ትልልቅ አሠሪዎች የሠራተኞቻቸውን ሕክምና ከራሳቸው ገንዘብ የሚከፍሉ መሆናቸው ነው። ካርዱ ላይ የታወቀ የኢንሹራንስ ድርጅት ስም ቢታተምም ድርጅቱ ወረቀቱን ያስተዳድራል እንጂ ገንዘቡ የአሠሪው ነው፤ በእንዲህ ዓይነቱ ፕላን ላይ የስቴቱ የኢንሹራንስ ሕግ አይሠራም። የአንቺ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ኤች አር በአንድ ኢሜይል ሊነግርሽ ይችላል። እስክታውቂ ድረስ 31ዱን ቀን እንደ ዕረፍት ጊዜ አትቁጠሪው።

አዲስ አባት፦ አመሰግናለሁ። የልጅቱ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ግን ገና አልመጣም፤ የልደት ሰርተፊኬቷም እንዲሁ። እነሱን ልጠብቅ?

መልስ፦ አይጠብቁ። ገደቡን ካሳለፉ ሰዎች መካከል በጣም ብዙዎቹ ያሳለፉት ወረቀት ሲጠብቁ ነው። ቁጥሩ በፖስታ እስኪደርስ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ ሕጉ ግን በ30 ቀን ውስጥ የሚፈልገው ምዝገባ መጠየቅዎን ነው። ፖርታሉ ያለ ቁጥር አላልፍም ካለዎት ባዶውን ለመሙላት የፈጠራ ቁጥር አያስገቡ፤ ኋላ ለማረም ከባድ ነው። ለኤች አር በኢሜይል «ልጄ በማርች 3 ተወልዳለች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንድትመዘገብልኝ እጠይቃለሁ፤ ቁጥሯን እንደደረሰኝ አቀርባለሁ» ብለው ይጻፉና ሆስፒታሉ የሰጣችሁን የልደት ማረጋገጫ ደብዳቤ አያይዙ። ቀን ያለበት ኢሜይል ኋላ ክርክር ቢነሣ ከስልክ ንግግር ይበልጥ ይጠቅምዎታል።

ዳዊት፦ እህታችን፣ እንዲህ ሰው ማስጨነቅ ያስፈልጋል? ወንድሜ ልጁን ያስገባው ከተወለደ ከአምስት ወር በኋላ ነው፤ ማንም ምንም አላለውም።

መልስ፦ ወንድምዎ ያስመዘገቡት በየትኛው ዓመት ነበር?

ዳዊት፦ በ2021 ይመስለኛል።

መልስ፦ እንግዲያው ምክንያቱ ይኸው ነው። በኮቪድ ምክንያት መንግሥት ከማርች 1 ቀን 2020 ጀምሮ በአሠሪ ኢንሹራንስ ላይ ያሉ እንዲህ ያሉ የጊዜ ገደቦች መቆጠራቸውን አግዶ ነበር። እገዳው በጁላይ 10 ቀን 2023 አብቅቷል። የወንድምዎ ጉዳይ በዚያ ጊዜ ትክክል ነበር፤ ዛሬ ልጅ የተወለደለት ሰው ግን በእርሱ ሊመራ አይችልም።

ብሩክታዊት፦ እኔም 30 ቀን አልፎብኛል፤ ካገባሁ ስድስት ወሬ ነው። የሕይወት ኢንሹራንሴ ላይ ባለቤቴን ወራሽ ማድረግ ከእንግዲህ አልችልም ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ፣ የአንቺ ጥያቄ ከዚህ ገደብ ጋር አይገናኝም። በራስሽ የሕይወት ኢንሹራንስ ላይ ገንዘቡን የሚቀበለውን ሰው በማንኛውም ጊዜ መለወጥ ትችያለሽ፤ ፎርሙን ዛሬውኑ ሙይ። ገደብ ያለው ባለቤትሽን ራሱን በአሠሪሽ በኩል መድን እንዲገባ ማድረግ ከፈለግሽ ነው፤ በዚያ ላይ ደግሞ የሂፓ ሕግ ሳይሆን የፕላኑ የራሱ ደንብ ነው የሚሠራው።

ቴዎድሮስ፦ በጁን 14 እንጋባለን። ሙሽራዬን በመሥሪያ ቤቴ ኢንሹራንስ ላይ ሳስገባ ሽፋኑ እንደ ሕፃኗ ከሠርጉ ቀን ጀምሮ ይጸናል?

መልስ፦ አይጸናም፤ የልደትና የጋብቻ ትልቁ ልዩነት ይህ ነው። በጋብቻ ጊዜ ሕጉ የሚያስገድደው ሽፋኑ ቢዘገይ ጥያቄው ከደረሰበት ቀን ቀጥሎ ባለው ወር የመጀመሪያ ቀን እንዲጀምር ነው። በጁን 20 ከጠየቁ ከጁላይ 1 ጀምሮ ትሸፈናለች። በጁላይ 5 ቢጠይቁም ገደቡ ጁላይ 14 ስለሆነ አላለፈብዎትም፤ ነገር ግን ሽፋኗ ወደ ኦገስት 1 ሊሸሽ ይችላል። በጊዜው ውስጥ ሆነው አንድ ወር ያጣሉ ማለት ነው። ሙሽራዎ አሁን የራሷ ኢንሹራንስ ካላት አዲሱ በእርግጥ የሚጀምርበትን ቀን በጽሑፍ ሳታገኝ አታቋርጠው።

ገነት፦ እኔ አዲስ አበባ ሄጄ ላገባ ነው። ባለቤቴ የቪዛው ጉዳይ አልቆ እዚህ የሚደርሰው ምናልባት ከዓመት በኋላ ነው። የ30 ቀኑ ቆጠራ ከሠርጉ ነው ወይስ እሱ አሜሪካ ከገባበት?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ከሠርጉ በፊት በመጠየቅሽ ደስ ብሎኛል፤ አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው ባለቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ቆጠራው ከሠርጉ ቀን ነው። ከዓመት በኋላ ሲመጣ «አሁን ነው የደረሰው» ብትይ፣ እዚያ የነበረው የጤና ኢንሹራንስ ተቋርጦበት ካልሆነ በቀር፣ የጋብቻው መብት አሠሪሽን አያስገድደውም።

እንግዲህ ያለሽ ምርጫ ሁለት ነው። አንደኛው ከተጋባችሁ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ማስመዝገብና እሱ እዚያ እያለም ወርሃዊውን ክፍያ መክፈል ነው፤ ብዙ ፕላኖች ከአሜሪካ ውጭ ከድንገተኛ ሕክምና በቀር እምብዛም ስለማይከፍሉ ለማትጠቀሙበት ነገር ልትከፍዪ ትችያለሽ። ሁለተኛው መጠበቅና ከመምጫው በፊት ባለው ኦፕን ኢንሮልመንት፣ ማለትም በየዓመቱ ለሠራተኛው ሁሉ በሚከፈተው የመመዝገቢያ ጊዜ፣ ማስገባት ነው። መምጫው ከኦፕን ኢንሮልመንት ጋር ካልገጠመ በ`HealthCare.gov` ወይም በስቴትሽ የጤና ኢንሹራንስ ገበያ በኩል ሕጋዊ ነዋሪ ሆኖ ከገባ በኋላ ባሉት 60 ቀናት ውስጥ የራሱን ኢንሹራንስ መግዛት ይችላል። በገበያው ለመግባት አስቀድሞ ኢንሹራንስ ነበረኝ ብሎ ማስረዳት የሚጠየቅባቸው ጊዜያት አሉ፤ ከውጭ አገር የመጣ ሰው ግን በዚህ አይያዝም።

በእጮኛ ቪዛ የሚመጣ ሰው ጉዳይ ከዚህ ይቀላል፤ በገባ በ90 ቀን ውስጥ እዚሁ ስለሚጋባ ሠርጉም ቆጠራውም እዚህ ይጀምራሉ።

አበበ፦ በዚህ አልስማማም። የእኔ ባለቤት ከተጋባን ከሰባት ወር በኋላ መጥታ ኤች አር ፓስፖርቷ ላይ ያለውን የመግቢያ ማኅተም አይቶ ወዲያው አስገብቶልኛል።

መልስ፦ አምንዎታለሁ፤ እንዲህ የሚያደርጉ አሠሪዎች አሉ። አንዳንድ ፕላን የትዳር ጓደኛ ወደ አሜሪካ መግባትን እንደ መኖሪያ ለውጥ አድርጎ ይቀበላል፤ ሌላው አይቀበልም፤ እኔም ከአንዱ አሠሪ ወደ ሌላው የተለያየ መልስ ሲሰጥ አይቻለሁ። ስለዚህ ገነት፣ ከመሄድሽ በፊት ለኤች አር «የትዳር ጓደኛ ከውጭ አገር መግባት በእኛ ፕላን የመመዝገቢያ ምክንያት ነው ወይ?» ብለሽ ጻፊና መልሱን አስቀምጪው።

ስሜን አልጠቅስም፦ እኔ አልፎኛል። ልጄ ከተወለደ ዛሬ 41ኛ ቀኑ ነው፤ ኤች አር እስከ ኦፕን ኢንሮልመንት ጠብቅ አለኝ። የሕፃናት ሐኪሙንም ክፍያ ኢንሹራንሱ አልከፍልም ብሎ መልሶብኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አሁንም ጊዜ አለዎት፤ ግን ዛሬ ይጀምሩ። በገበያው በኩል ለልደት የሚሰጠው ጊዜ 60 ቀን ስለሆነ 19 ቀን ይቀርዎታል፤ እዚያ ካስመዘገቡት ሽፋኑ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ እንዲሆን ማድረግ ይቻላል። የመንግሥት ቅናሽ ማግኘትዎ ግን አጠራጣሪ ነው፤ በአሠሪዎ በኩል ልጁን የማስገባት ዕድል ስለነበረዎት ዋጋው ተመጣጣኝ ከተባለ ያ ዕድል ይታሰብብዎታል። በሌላ በኩል ለሜዲኬይድና ለልጆች መድን ቺፕ ማመልከት በዓመቱ ውስጥ በማንኛውም ቀን ይቻላል፤ ለልጆች የሚፈቀደው የገቢ ጣሪያም ከአዋቂዎቹ ከፍ ስለሚል ገቢዬ አያሟላም ብለው ሳያመለክቱ አይተዉት። ባለቤትዎ ስትወልድ ሜዲኬይድ ላይ ከነበረች ደግሞ ልጁ እስከ አንድ ዓመቱ ድረስ በዚያው ይሸፈናል፤ ስለዚህ መጀመሪያ እሱን አጣሩ።

ለአሠሪዎም ቢሆን በጽሑፍ ይግባኝ ይበሉ። በ30 ቀኑ ውስጥ ስለ ልደቱ ለኤች አር የላኩት ማንኛውም ኢሜይል፣ የወሊድ ፈቃድ የጠየቁበትም ጭምር ካለዎት አያይዙት። ፈቃድ መጠየቅ ምዝገባ መጠየቅ ነው ብለው ሁሉም አይቀበሉትም፤ የተቀበሉም ግን አሉ። የሐኪሙን ቢል በተመለከተ ዛሬውኑ ለሒሳብ ክፍላቸው ደውለው ኢንሹራንስ በሒደት ላይ መሆኑን ይንገሯቸውና ለዕዳ ሰብሳቢ እንዳያስተላልፉት ይጠይቁ።

ስሜን አልጠቅስም፦ ባለቤቴ ሜዲኬይድ ላይ አልነበረችም። የወሊድ ፈቃዱን ግን በሦስተኛው ቀን በኢሜይል ጠይቄያለሁ፤ የልጁ ስምና የተወለደበት ቀን አለበት።

መልስ፦ እንግዲያው ይግባኙን በዚያ ኢሜይል ይጀምሩት። የይግባኙን መልስ እየጠበቁ ግን የገበያው 60 ቀን እንዳያልፍብዎት ማመልከቻውን በጎን ያስገቡ።