ስንዴ ሳታቆሙ ተመርመሩ፦ የግሉተን ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ሚኒያፖሊስ በሥነ ምግብ ክሊኒክ 11 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ከሕመምተኞቼ ብዙዎቹ ሴልያክ ያለባቸው ናቸው፤ ስንዴና መሰል እህሎች ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን ሲበላ ሰውነት የራሱን አንጀት የሚያጠቃበት በሽታ ነው። ጠይቁ። የክብደት መቀነስ ጥያቄ ግን ዛሬ አልመልስም።

ራሄል፦ ስንዴ ከተውኩ 8 ወሬ ነው፣ ሆዴም ተሻለኝ። ባለፈው ሳምንት የሴልያክ ደም ምርመራ አደረግኩና ነጻ ነሽ አሉኝ። የለብኝም ማለት ነው?

አይደለም እህቴ፣ ይህ ውጤት ምንም አይነግርሽም። ቲቲጂ የሚባለው ምርመራ የሚያየው ሰውነትሽ ለግሉተን ሲቆጣ የሚሠራውን አንቲቦዲ ነው። 8 ወር ግሉተን ካልቀመስሽ ቁጣው በርዶ ሊሆን ይችላል። አንጀትሽም ማገገም ስለሚጀምር ናሙና ቢወሰድ እንኳ ሊያሳስት ይችላል።

በእኔ አስተያየት መጀመሪያ የዘር ምርመራ ጠይቂ። ዲኪው2 እና ዲኪው8 የሚባሉት ዘረመሎች ሁለቱም ከሌሉሽ ሴልያክ የለብሽም ለማለት ይቻላል፤ ይህ ምርመራ ደግሞ የምትበዪው ነገር አይለውጠውም። አንዱ ቢገኝብሽ ግን አትደንግጪ፣ ብዙ ጤነኛ ሰው አለው። ያኔ ከሐኪምሽ ጋር ተመካክረሽ በቀን ሁለት ቁራጭ ዳቦ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በልተሽ ቲቲጂውን ትደግሚያለሽ። ጠቅላላ አይጂኤ የሚባለው አንቲቦዲም አብሮ ይታይ፤ እሱ ዝቅ ያለባቸው ሰዎች በሽታው እያለባቸው ነጻ ይባላሉ። ቲቲጂው ከፍ ብሎ ከተገኘ በኢንዶስኮፒ ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ ናሙና ይወሰዳል።

የመርካቶ ልጅ፦ ሴልያክ እኮ የስንዴ አለርጂ ነው፣ ቆዳ ላይ ወግቶ ማየት ይበቃል።

ሁለቱም የመከላከያ ኃይል ስህተት መሆናቸው ልክ ነው። አለርጂው ግን ሌላ በሽታ ነው፣ ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ያሳክካል፣ ያሳብጣል። ሴልያክ ቀስ ብሎ የራስን አንጀት ያጠቃል። ቆዳ መውጋት አያሳየውም።

ዳቦ ጋጋሪው፦ ገብስ ውስጥም አለ እንዴ? ሊጥ የሚለጠጠው የስንዴው ብቻ መስሎኝ።

የስንዴ ሊጥ በውሃ ስር እያሸህ ብታጥበው ነጩ ስታርች ይሄድና እንደ ማስቲካ የሚሳብ ነገር እጅህ ላይ ይቀራል፤ ግሉተን እሱ ነው። የገብሱ ሆርዴይን፣ ራይ በሚባለው እህል ውስጥ ያለው ሴካሊን ይባላል። እንደ ስንዴው አይለጠጡም፤ ግን የስንዴው ግሊያዲን ዘመዶች ናቸው። የሆድ ኢንዛይም ሦስቱንም በደንብ አይቆራርጣቸውም፣ ሴልያክ ያለበትን ሰው የሚጎዱትም ሳይፈጩ የሚቀሩት ቁርጥራጮች ናቸው።

እማማ ድንቅ፦ ልጄ፣ እኔ ሴልያክ አለብሽ ተብያለሁ። እንጀራ እንዳልተው፤ ጠላስ?

ጠላ ይቅርብዎት እናቴ፣ ብቅሉ ከገብስ ነው፣ መፍላቱም አያጠፋውም። ጤፍ ግን ራሱ ግሉተን የለውም፤ በ2005 የሆላንድ ላይደን ተመራማሪዎች ይህንኑ አረጋግጠዋል። እኔን የሚያስፈራኝ ወፍጮው ነው። አንዲት ሕመምተኛዬ ዳቦ ከተወች ዓመት አልፏት ቲቲጂዋ አልወርድ አለ። የበላችውን ሁሉ አስቆጠርኳት፣ ምንም የለም። በመጨረሻ ዱቄቱን እናቷ ከአዲስ አበባ እንደምትልክላት ነገረችኝ። ደውላ ስትጠይቅ ወፍጮው ከጤፏ በፊት የበሶ ገብስ ይፈጭ ኖሯል፤ ድንጋዩ ላይ የቀረው ከጤፉ ጋር ይወርዳል። ዱቄቱን ስትቀይር በ7 ወር ወረደላት። እዚህ አሜሪካ የሚሸጠው እንጀራም ብዙ ጊዜ ገብስ ወይም ስንዴ ይቀላቀልበታል። ጋጋሪዋን ይጠይቁ፣ እርሾዋንም ጭምር።

የመርካቶ ልጅ፦ ትንሽ ዱቄት ይሄን ያህል? አያቴ ገብስ በልታ 90 ዓመት ኖረች።

አያትህ ሴልያክ አልነበረባቸውም ይሆናል። ያለበት ሰው ግን በፍርፋሪም ይጎዳል፣ ሆዱን ባያመው እንኳ።

ሳሚ፦ ስንዴ እየበላሁ ተመርምሬ ሁሉም ነጻ ነው። ዳቦ ስበላ ግን ይነፋኛል። አእምሮዬ ነው?

አይደለም። ስሜቱ እውነት ነው፣ ሴልያክ ያልሆነ የግሉተን ስሜታዊነት ይሉታል፤ የሚያረጋግጠው ምርመራ ግን የለም፣ ሌላው ሁሉ ሲወገድ ነው የሚባለው። ጥፋተኛው ግሉተን መሆኑም ያጠያይቃል። በ2018 የወጣ የኖርዌይ ጥናት ሴልያክ የሌለባቸውንና ግሉተን የማይስማማቸውን 59 ሰዎች አንዴ ግሉተን፣ አንዴ ፍሩክታን፣ አንዴ ሁለቱም የሌለበት ምግብ ሳይነግር አበላቸው። ይበልጥ የነፋቸው ፍሩክታን ነው። እሱ ፕሮቲን ሳይሆን የካርቦሃይድሬት ዓይነት ነው፤ ስንዴ ውስጥም፣ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ውስጥም አለ። በንጹህ የጤፍ እንጀራ ወጥ ስትበላም ይነፋሃል? ከሆነ ሽንኩርቱን ጠርጥር።

ዮናስ፦ የስንዴው ሌሎች ፕሮቲኖችም ይጠረጠራሉ ሲሉ ሰምቻለሁ።

አዎ፣ ይጠረጠራሉ። ገና አልተቋጨም።

ቤቲ፦ ግሉተን ልተው ነው፣ ምን ልብላ?

ቤቲ፣ ከላይ ያለውን አንብቢ። ሳትመረመሪ አትተዪ። ለምን መተው ፈለግሽ? ተቅማጥ? የደም ማነስ? ይህን ሳትነግሪኝ ዝርዝር አልሰጥም።

ራሄል፦ የዘር ምርመራውን አዘዙልኝ። እስከዚያ ልጆቼንም ስንዴ ላስተዋቸው?

በፍጹም። አንቺ ላይ ከተረጋገጠ እነሱም እህት ወንድሞችሽም መመርመር አለባቸው፣ በቤተሰብ ይሄዳልና። እስከዚያ ዳቦአቸውን ይብሉ።