በዱባይ ተጨማሪ ገቢ፦ የቀድሞ ማንዱብ ጥያቄያችሁን ይመልሳል

ኤምሬትስ ውስጥ ለዓመታት በማንዱብነት፣ ማለትም የድርጅቶችን የመንግሥት ጉዳይ በማስፈጸም ሠርቻለሁ። የብዙ ሰው ፈቃድ በእጄ አልፏል። የምመልሰው በሠራተኛ ሚኒስቴሩ ሥር ላሉ ድርጅቶች ሠራተኞች ነው። ፍሪ ዞን ውስጥ ያላችሁ ከራሳችሁ ዞን ጠይቁ፤ አሠራሩ ይለያል።

ሆቴል ጽዳት ነኝ፣ ዴይራ። ሺፍቴ በየሳምንቱ ይለዋወጣል። አንድ የድግስ አዳራሽ በሰዓት 12 ድርሃም ሊያሠራኝ ፈልጓል። አለቃዬ ኤን ኦ ሲ ጽፎልኛል። ልጀምር?

እህቴ፣ አትጀምሪ። አለቃሽ የጻፈልሽ ወረቀት የእሱ ፈቃድ እንጂ የመንግሥት ፈቃድ አይደለም። ከፌብሩዋሪ 2022 ጀምሮ የሚሠራበት የሠራተኛ ሕግ ፓርት ታይምን ይፈቅዳል። ግን ማመልከቻውን ለሚኒስቴሩ የሚያስገባው አዳራሹ ነው፣ አንቺ አይደለሽም። ፈቃዱ ሲወጣ በስምሽ የፓርት ታይም ውል ይኖራል፤ ፈርመሽ ኮፒውን ትይዣለሽ። ያ ከሌለ ምንም የለም።

አዳራሹ በትክክል የሚሠራ መሆኑን የምታውቂው በአንድ ጥያቄ ነው። «የፓርት ታይም ፈቃድ ታወጡልኛላችሁ?» በያቸው። «እሺ፣ ፓስፖርትና መታወቂያ ላኪ» ካሉ ጥሩ። «አስፈላጊ አይደለም፣ ለጥቂት ቀን ነው» ካሉ ተዪው። ያለ ፈቃድ ሰው የሚያሠራ ድርጅት በ2024 በወጣው ማሻሻያ ከ100,000 እስከ 1 ሚሊዮን ድርሃም ይቀጣል። አንቺ ደግሞ ከአገር መባረር ሊያጋጥምሽ ይችላል። «የፈቃዱን ወጪ ካንቺ እንቆርጣለን» የሚልም አለ። የቅጥር ወጪን ሠራተኛ ላይ መጫን ክልክል ነው።

አሁን ሂሳቡን እንይ። መሠረታዊ ደመወዝሽ ስንት ነው?

1,200 ነው። ከአበል ጋር 1,800 ይደርሳል።

ኦቨርታይም የሚሰላው ከ1,200ው ነው፣ ከ1,800ው አይደለም። 1,200 ለ30 ቀን ሲካፈል 40፤ 40 ለ8 ሰዓት ሲካፈል 5 ድርሃም ነው። ኦቨርታይም ሲሆን 25 በመቶ ይጨመርበታል፣ ስለዚህ 6.25። በቀን ሊያሠሩሽ የሚችሉት ቢበዛ ሁለት ሰዓት ትርፍ ነው። በወር 20 ቀን ሁለት ሁለት ሰዓት ብትሠሪ 250 ድርሃም ይሆናል።

አዳራሹ በሳምንት አንድ ቀን አምስት ሰዓት ቢያሠራሽ በወር 20 ሰዓት፣ 240 ድርሃም ነው። በሰዓት እጥፍ ገደማ ቢከፍልሽም የታክሲና የእንቅልፍ ሂሳብ አለው። ሺፍትሽ ተለውጦ አንዱን ቀን ብትቀሪ ደግሞ ከ180 አትበልጪም። እኔ ብሆን መጀመሪያ የራሴን ሆቴል ኦቨርታይም በትክክል መቀበሌን አረጋግጣለሁ። ሺፍቱ በተለወጠ ቁጥር የገባሽበትንና የወጣሽበትን ሰዓት በስልክሽ ጻፊ። ሮስተሩንም ፎቶ አንሺው። ወር ሲያልቅ «ይህን ያህል ሰዓት ሠርቻለሁ» ብለሽ የምትከራከሪው በዚያ ነው።

ያ ትክክል አይደለም። ማታ ከሠራ 50 በመቶ ነው የሚጨመርለት። እኔ ሴኩሪቲ ነኝ፣ ሕጉን አይቼዋለሁ።

ግማሹ እውነት ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ባለው ትርፍ ሰዓት 50 በመቶ ይጨመራል። ሆኖም ያው ሕግ በፈረቃ የሚሠራን ከዚህ ያወጣዋል። አንተም እሷም ፈረቃ ላይ ናችሁ፣ የሌሊቱ ተጨማሪ አይመለከታችሁም። የዕረፍት ቀንህን ግን ተጠርተህ ከሠራህ ምትክ ቀን ወይም የዕለት ክፍያህ ላይ 50 በመቶ ተጨምሮ ይገባሃል። ብዙ ሰው የማያነሳው ሌላም አለ። በረመዳን የሥራ ሰዓት በቀን ሁለት ሰዓት ይቀንሳል፣ ክርስቲያን ብትሆንም። ስለዚህ በዚያ ወር 8 ሰዓት የሠራህ ሁለቱ ሰዓት ኦቨርታይም ነው። በፔይሮል ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው ይህ ነው።

እኔ ሰው ቤት ነኝ፣ ሻርጃ። ሐሙስ ሐሙስ ማዳሜ ስለምትፈቅድልኝ ጎረቤት ማጽዳት እችላለሁ?

እታለም፣ የቤት ሠራተኛ ሕግ ሌላ ነው፣ የፓርት ታይሙ ፈቃድ ላንቺ አይሠራም። ማዳምሽ ብትፈቅድም ጎረቤት ቤት ስትሠሪ ብትገኚ ጉዳዩ ያለው ከመንግሥት ጋር ነው። ይልቅ በዕረፍት ቀንሽ ካሠሩሽ ምትክ ቀን ወይም ገንዘብ የማግኘት መብት አለሽ። ጎረቤት ከምትሄጂ እሷን «የዕረፍቴን ቀን እሠራልሻለሁ፣ ክፈይኝ» በያት። ከመጀመሪያው በመልእክት ተስማሙ፣ ወሬ ብቻ እንዳይሆን።

ሪያድ ነው ያለሁት። ይሄ ፓርት ታይም ለኛም ይሠራል?

አይሠራም ወንድሜ። እዚያ በአቃማህ ላይ ካለው ካፊል ውጭ ወይም ለራስህ መሥራት የተከለከለ ነው። አጂር የሚባለው አሠራር አለ፣ ግን አንድ ድርጅት ሠራተኛውን ለሌላ ድርጅት የሚያውስበት ነው። ስለዚህ መንገዱ በአሠሪህ በኩል ነው የሚሄደው።

እንጀራ ጋግሬ በቲክቶክ ትእዛዝ ብቀበልስ? ሁሉም ሰው ይሸጣል።

ሁሉም እንደሚሸጥ አውቃለሁ። ምግብ ለመሸጥ ንግድ ፈቃድ ያስፈልጋል። ከዚያ ላይ ቪዲዮውን ለሕዝብ ስትለጥፊ ዋጋና ስልክ ያለው ማስረጃ በራስሽ እጅ አስቀመጥሽ ማለት ነው። በጋራ መኝታ ክፍል ከሆነ ደግሞ አከራዩ ብቻውን ይበቃሻል። እንጀራ መጋገር ከቻልሽ ዴይራ ያሉ የአበሻ ምግብ ቤቶች ፓርት ታይም ፈቃድ አውጥተው ጋጋሪ እንዲይዙ ጠይቂ። እሺ የሚሉት ጥቂት ናቸው፣ ግን እጅሽ ጥሩ ከሆነ የሚፈልጉት እነሱ ናቸው።

እኔ ግን ዘዴ አለኝ። ጓደኞቼ ድርሃም ይሰጡኛል፣ እናቴ አዲስ አበባ ብሩን ለቤተሰቦቻቸው ትከፍላለች። ትንሽ ኮሚሽን አገኛለሁ። ይሄ ሥራ አይደለም አይደል?

ሥራ ብቻ ሳይሆን ያለ ፈቃድ የሐዋላ አገልግሎት መስጠት ነው። ሐዋላ የሚሠራ ሰው በኤምሬትስ ማዕከላዊ ባንክ መመዝገብ አለበት። ከፓርት ታይሙ በብዙ እጥፍ ከባድ ነው። አንድ የማታውቀው ሰው የሰጠህ ድርሃም የተሰረቀ ከሆነ ደግሞ የሚጠየቀው መጀመሪያ አንተ ነህ። ዛሬ አቁም። እናትህንም አሳርፋት።

ለአዲስ አበባ ድርጅት በላፕቶፕ ሂሳብ እሠራለሁ፣ ክፍያው በብር እናቴ አካውንት ይገባል። እዚህ ፈቃድ ያስፈልገኛል?

እዚህ ላይ ማንዱቦች እርስ በርስ አንስማማም። አንዳንዱ «አሠሪው አገር ውስጥ የለም፣ ክፍያውም አገር ውስጥ አይገባም» ይላል። ሌላው «ሥራውን የሠራኸው እዚህ ተቀምጠህ ነው» ይላል። ሁለቱንም ሰምቻለሁ፣ ሁለቱም የሚሉት ነገር አላቸው። ከዚያ በፊት ግን የአሁኑን ውልህን አንብብ። አንዳንዱ ውል ለሌላ ሰው መሥራትን በራሱ ይከለክላል፣ ሚኒስቴሩ ባይጠይቅህም አለቃህ ሊያሰናብትህ ይችላል። በድርጅቱ ላፕቶፕና በሥራ ሰዓት ግን በፍጹም እንዳትሠራ።

ጋሼ፣ ሺፍቴ የሚታወቀኝ ከሁለት ቀን በፊት ነው። ፈቃዱ ቢወጣ እንኳ ማን ይቀጥረኛል?

ቋሚ ሰዓት የሚፈልግ አይቀጥርህም። የሚሆንህ በቀን የሚጠራ ነው፤ የድግስ አዳራሽ፣ ኤግዚቢሽን፣ ሱፐርማርኬት ዓመታዊ ቆጠራ። ውሉ ላይ «ሠራተኛው ሲችል» የሚል ቃል ይግባ፣ አለበለዚያ እምቢ ባልክ ቀን አንተ የቀረህ ትመስላለህ። አለቃህን ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የማይለወጥ ኦፍ እንዲሰጥህ ጠይቀው። ሮስተር የሚያወጣው ሰው አንድ ቀን ማጽናት ብዙም አያስቸግረውም፤ ሁለት ካልከው ግን እምቢ ይላል።